ቁስል ሳይታይ ምላስና አፍ ሲያቃጥል፦ መንስኤውን በቅደም ተከተል መፈለጊያ

ምላሱን የሚያቃጥለው ሰው መስታወት ፊት ቆሞ አፉን ይከፍታል፤ ምንም የለም። ሐኪሙም በባትሪ አብርቶ ያይና «ጤነኛ ነው» ይላል። ከዚያ ወዲያ አብዛኛው ሰው የሚሄድበት መንገድ ተመሳሳይ ነው። ከአንዱ ፋርማሲ የቢ ኮምፕሌክስ መርፌ፣ ከሌላው የፈንገስ መድኃኒት፣ ከጎረቤት ምክር ደግሞ ማርና ሎሚ፣ ሁሉም በአንድ ሳምንት ውስጥ። ከወር በኋላ ማቃጠሉ ቢቀንስ እንኳ በየትኛው እንደቀነሰ የሚያውቅ የለም። ካልቀነሰና ወደ ደም ምርመራ ከተሄደ ደግሞ መርፌው የቫይታሚኑን ቁጥር ከፍ አድርጎ ስለሚያቆይ ውጤቱ «ኖርማል» ብሎ ይመለሳል።

ሰዎች የሚሳሳቱት መድኃኒት አጥተው ሳይሆን ቅደም ተከተል አጥተው ነው። የሚከተሉት ሰባት ደረጃዎች የተደረደሩት አንዱ የሌላውን ማስረጃ እንዳያበላሽ ነው፤ ስለዚህ አይዝለሏቸው።

ደረጃ 1፦ በእርግጥ ቁስል አለመኖሩን ያረጋግጡ

በቀን ብርሃን ወይም በስልክ መብራት፣ መስታወት ይዘው ይቀመጡ። ተነቃይ ጥርስ ካለዎት ያውልቁት። የምላስዎን ጫፍ በንጹሕ ጨርቅ ይያዙና መጀመሪያ ወደ ግራ፣ ቀጥሎ ወደ ቀኝ ይሳቡት። ከኋላ መንጋጋ ጥርሶች አጠገብ ያለው የምላስ ጎን ሰው ሁልጊዜ ሳያየው የሚያልፈው ቦታ ነው። ከዚያ ምላስዎን ወደ ላይ አንስተው ሥሩን፣ ቀጥሎ የጉንጭዎን ውስጥ፣ ላንቃዎንና የከንፈርዎን ውስጠኛ ክፍል ይመልከቱ።

ጤናማ ምላስ ከላይ ሻካራ ነው። ሻካራነቱ ጠፍቶ ልስልስና ቀይ ሆኖ የሚያብለጨልጭ ከሆነ ቁስል ባይባልም ምልክት ነው፤ ብዙ ጊዜ የብረት ወይም የቫይታሚን ቢ 12 እጥረትን ይጠቁማልና ደረጃ 5ን ያፋጥኑት። ሲጠርጉት የሚለቅ ነጭ ነገር፣ ወይም ከተነቃይ ጥርሱ ሥር በጥርሱ ቅርጽ ልክ የቀላ ላንቃ ካዩ ደግሞ ፈንገስ ይጠረጠራል። በቅርቡ አንቲባዮቲክ የወሰደ፣ ለአስም ስቴሮይድ ያለበት የሚሳብ መድኃኒት የሚጠቀም፣ ስኳር ያለበት ወይም የሰውነት መከላከያው የተዳከመ ሰው ለዚህ ይጋለጣል። ፈንገስ በጥርስ ሐኪም ታይቶ በቀላሉ ይታከማል። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፦ የደም ማቅጠኛውን ዋርፋሪን የሚወስዱ ሰዎች የሚቀባውን የፈንገስ መድኃኒት፣ የማይኮናዞል ጄል፣ ሐኪማቸውን ሳያማክሩ አይጠቀሙ፤ ደም መፍሰስ ሊያስከትል ይችላል።

ከሚከተሉት አንዱ ካለ መመሪያውን እዚህ ያቁሙና ወደ ሕክምና ይሂዱ፦

- ምላስ፣ ከንፈር ወይም ጉሮሮ ካበጠ፣ መተንፈስ ወይም መዋጥ ከከበደ፣ ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። እንደ ኢናላፕሪል ያለ የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ ከዓመታት በኋላም ይህ ሊደርስበት ይችላል።
- የማይለቅ ነጭ ወይም ቀይ ንጣፍ፣ ጠጣር እብጠት፣ ወይም በሁለት ሳምንት ያልዳነ ነገር ካገኙ።
- ማቃጠሉ በአንድ ጎን ብቻ ከሆነ፣ ከንፈር ወይም አገጭ ከደነዘዘ፣ ወይም እንደ ኤሌክትሪክ የሚወጋ ሕመም ካለ።
- እግርና እጅ ከደነዘዙ፣ በጨለማ ሲሄዱ የሚያንገዳግድዎ ከሆነ። ይህ የቢ 12 እጥረት ነርቭ ላይ መድረሱን ሊያሳይ ስለሚችል በቀናት ውስጥ ይመርመሩ፤ ሁለት ሳምንት አይጠብቁ።

ደረጃ 2፦ ለ14 ቀን የሚያስቆጣውን ሁሉ ያቁሙ፤ ይመዝግቡም

መንስኤው የቱም ቢሆን የተቆጣ አፍ ላይ በርበሬ ሲጨመርበት ምንም ነገር በትክክል መለካት አይቻልም። ለሁለት ሳምንት በርበሬ፣ ሚጥሚጣ፣ አዋዜ፣ ዳጣ፣ ሎሚ፣ ቲማቲም፣ ኮምጣጤ፣ አልኮል፣ ሲጋራና ጫት ይተዉ። ጫት ማስቆጣቱ ብቻ ሳይሆን ምራቅንም ያደርቃል። ቡናና ሻይ የሚተዉት ካልሆነ ለብ ብለው ይጠጡ። እንጀራ መተው አያስፈልግም፤ በጣም የኮመጠጠውን ግን ይለፉት፤ በአልጫ ክክ ወይም በአልጫ ድንች ይብሉ።

የጥርስ ሳሙናውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ኃይለኛ የሚንት ወይም የቀረፋ ጣዕም ያለው፣ በብዛት አረፋ የሚያወጣና «ነጭ ያደርጋል» የሚባለው ሳሙና ብቻውን ምላስን ሊያቃጥል ይችላል። ጣዕሙ ቀለል ያለ፣ ለሕፃናት የሚሸጥ ፍሎራይድ ያለው ሳሙና ገዝተው ትንሽ ብቻ ይጠቀሙ። አልኮል ያለበትን የአፍ መጉመጥመጫም ያቁሙ።

ምላስን በፌጦ፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በጨው ወይም በሎሚ ማሸት ያቁሙ፤ በማንኪያ መፋቅም እንዲሁ። ለጊዜው ሕመሙን የሚያስረሳው ራሱ አዲስ ማቃጠል ስለሚጨምር ነው። እዚህ ላይ ጨከን ማለት ይሻላል፤ ከምላስ ላይ እጁን የማያነሳ ሰው መንስኤውን አያገኝም።

በእነዚሁ ቀናት በቀን ሦስት ጊዜ ማለትም ጠዋት እንደነቁ፣ ቀን ላይና ማታ ሲተኙ ማቃጠሉን ከ0 እስከ 10 ይመዝግቡ። ከቁጥሩ ጎን ሦስት ነገር ይጻፉ፦ ሲበሉ ጨመረ ወይስ ቀነሰ? ከእንቅልፍ ቀሰቀሰ ወይስ አልቀሰቀሰም? መድኃኒት በስንት ሰዓት ተወሰደ?

የመዝገቡ አካሄድ ብዙ ይናገራል። ጠዋት ቀላል ሆኖ እየዋለ የሚከር፣ ሲበሉ ወይም ማስቲካ ሲያኝኩ ጋብ የሚል፣ ሌሊት የማይቀሰቅስ ማቃጠል የነርቭ መልክ አለው። ጠዋት ሲነሱ ምላስ ላንቃ ላይ ተጣብቆ የሚያቃጥል ከሆነ ድርቀትን ይጠርጥሩ፤ በአፍ መተንፈስም ይህን ያመጣል። ሲበሉ ብቻ፣ በተለይ ትኩስና ቅመም ያለው ሲነካው የሚቆጣ ከሆነ የምላሱ ሽፋን ሳስቷል ማለት ነው፤ እጥረት፣ ፈንገስ ወይም የሚያስቆጣ ነገር ሊሆን ይችላል። እነዚህ ፍንጮች እንጂ ፍርድ አይደሉም።

*ማቃጠሉ በ14 ቀን ከጠፋ፦* የተዉትን አንድ በአንድ፣ በየሦስት ቀኑ ይመልሱ። መጀመሪያ የድሮውን የጥርስ ሳሙና ይሞክሩ። የቱ ላይ እንደተመለሰ ካዩ ሥራው አልቋል።

ደረጃ 3፦ መድኃኒቶችዎን ጠረጴዛ ላይ ያውጡ

የሚወስዱትን ሁሉ ያውጡ፦ በሐኪም የታዘዘ፣ ከፋርማሲ በራስ የተገዛ፣ ከውጭ ዘመድ የላከው ቫይታሚን፣ አልፎ አልፎ የሚዋጥ የጉንፋን ኪኒን። በእያንዳንዱ ላይ የተጀመረበትን ወይም መጠኑ የተጨመረበትን ወር ይጻፉ፤ ከጎኑ ማቃጠሉ የጀመረበትን ወር። ሁለቱ የሚቀራረቡበት ቦታ ላይ ያተኩሩ።

መድኃኒት አፍን የሚያስቸግርባቸው መንገዶች የተለያዩ ናቸው። ኢናላፕሪል፣ ካፕቶፕሪልና ሊሲኖፕሪል የተባሉት የደም ግፊት መድኃኒቶች ምራቅ ሳያደርቁ በቀጥታ ማቃጠልና የጣዕም መለወጥ ሊያመጡ ይችላሉ። ሁለተኛው መንገድ ድርቀት ነው፤ አሚትሪፕቲሊን፣ ክሎርፌኒራሚንና ይህ ያለባቸው የጉንፋን ኪኒኖች፣ የሽንት መድኃኒቶች እንደ ሃይድሮክሎሮታያዛይድና ፉሮሴማይድ፣ የፊኛ መድኃኒቱ ኦክሲቡቲኒን ከዚህ ይመደባሉ። ሦስተኛው መንገድ ቀርፋፋና ድብቅ ነው፦ ለስኳር የሚወሰደው ሜትፎርሚንና ለጨጓራ የሚወሰደው ኦሜፕራዞል ለዓመታት ሲወሰዱ የቢ 12 መምጠጥን ያሳንሳሉ። በዚህኛው የመጀመሪያው ወርና ማቃጠሉ አይቀራረቡም፤ ስለዚህ ጊዜውን ብቻ አይተው አይተዉት።

ማስጠንቀቂያ፦ የትኛውንም በራስዎ አያቁሙ። የደም ግፊት መድኃኒት ሲቋረጥ ግፊቱ ያለ ምንም ስሜት ይወጣል፤ አሚትሪፕቲሊን በአንዴ ሲቋረጥ እንቅልፍ ያሳጣል፣ ያቅለሸልሻል። ዝርዝሩን ይዘው ላዘዘልዎ ሐኪም እንዲህ ይበሉ፦ «ይህን በዚህ ወር ጀመርኩ፤ ማቃጠሉ በዚህ ወር መጣ። በሌላ ዓይነት ሊቀየርልኝ ይችላል?» የግፊት መድኃኒት ወደ ሌላ ክፍል፣ ለምሳሌ ወደ አምሎዲፒን ሊቀየር ይችላል። ከተቀየረ በኋላ ለውጡን ለመፍረድ ጥቂት ሳምንታት ይስጡት።

ደረጃ 4፦ ምራቅዎን ይለኩ

«አፌ ደርቋል» የሚለው ስሜትና በእርግጥ ምራቅ ማነስ አንድ አይደሉም። ነርቩ የተቆጣ ሰው ምራቁ ሞልቶ እያለም ድርቀት ይሰማዋል። ስለዚህ ስሜቱን ሳይሆን መጠኑን ይለኩ፤ ወጪው አንድ ባለ 5 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ነው።

1. ጠዋት፣ ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ተኩል ሳይበሉ፣ ሳይጠጡ፣ ጥርስ ሳያጥቡና ሳያጨሱ ይቆዩ።
2. ቀጥ ብለው ይቀመጡ፤ አንዴ ይዋጡና ሰዓት ይያዙ።
3. አንገትዎን ትንሽ ደፋ አድርገው ለ5 ደቂቃ ምራቁ በራሱ ወደ ትንሽ ብርጭቆ ይንጠባጠብ። አይዋጡ፣ አይምጠጡ፣ አክ አይበሉ፣ አያውሩም።
4. መጨረሻ ላይ አፍዎ ውስጥ የቀረውን ይትፉት። አረፋው እስኪተኛ ይጠብቁ፤ አረፋ አይቆጠርም።
5. መርፌው በተነቀለ ሲሪንጅ ስበው ያንብቡ።

በ5 ደቂቃ ከግማሽ ሚሊ ሊትር የማይበልጥ ከሆነ ምራቅዎ በእርግጥ አንሷል። የብዙ ጤናማ ሰዎች አንድ ተኩል ሚሊ ሊትር አካባቢ ነው። በሌላ ቀን ይድገሙት፤ ሁለቱ በጣም ከተራራቁ በአንደኛው ቀን እየመጠጡ ወይም አክ እያሉ ተፍተው ይሆናልና ሦስተኛ ይለኩ።

ምራቁ ካነሰ ወደ መድኃኒት ዝርዝርዎ ይመለሱ፤ ዋናው ተጠርጣሪ እሱ ነው። እስከዚያ ውኃ በየጊዜው ጉንጭ እያደረጉ ይጎንጩ፣ ስኳር የሌለው ማስቲካ ያኝኩ። ሎሚ ምራቅ ያመጣል ተብሎ አይምጠጡ፤ ምራቅ በሌለበት አፍ ውስጥ አሲዱ ጥርስን ይበላል። ከአፍ ድርቀቱ ጋር ዓይንዎም አሸዋ የገባበት ያህል የሚቆረቁርዎትና ይህ ከሦስት ወር በላይ ከቆየ ለሐኪሙ ይንገሩ፤ የምራቅና የእንባ ዕጢዎችን የሚያጠቃው የሾግረን በሽታ መመርመር አለበት።

ምራቁ በቂ ከሆነ ድርቀትን ከተጠርጣሪዎች ይሰርዙትና ይቀጥሉ።

ደረጃ 5፦ ደምዎን ያስመርምሩ፤ ቫይታሚን ከመውሰድዎ በፊት

የሚጠየቁት ምርመራዎች እነዚህ ናቸው፦ ሙሉ የደም ቆጠራ፣ የብረት ክምችትን የሚያሳየው ፌሪቲን፣ ቫይታሚን ቢ 12፣ ፎሌት፣ የስኳር መጠን እና የታይሮይድ ሆርሞን። ገንዘቡ ለሁሉም የማይበቃ ከሆነ በደም ቆጠራ፣ በፌሪቲን፣ በቢ 12 እና በስኳር ይጀምሩ።

ሕጉ አንድ ነው፦ ደም እስኪሰጡ ድረስ የቢ ቫይታሚን መርፌም ኪኒንም የለም። ቀድሞ ተወግተው ከሆነ ከስንት ቀን በፊት እንደሆነ ለሐኪሙ ይንገሩ። ከመርፌ በኋላ የመጣ ከፍተኛ የቢ 12 ቁጥር እጥረት አልነበረም ማለት አይደለም፤ ሐኪሙ በአመጋገብዎ፣ በመድኃኒቶችዎና በምልክቶችዎ መፍረድ አለበት።

*ውጤቱን ሲያነቡ።* ቢ 12 በሚሊ ሊትር ከ200 ፒኮግራም በታች ከሆነ እጥረት ነው። ከ200 እስከ 300 ያለው ግራጫ ክልል ነው፤ ምልክት ካለ ብዙ ሐኪሞች ያክሙታል። መለኪያውን ይመልከቱ፤ አንዳንድ ላቦራቶሪ፣ በተለይ አውሮፓ ያለ፣ በሊትር ፒኮሞል ይጽፋል። እዚያ ላይ 148 ማለት እዚህ 200 ማለት ነው። ፌሪቲን ከ15 በታች የብረት ክምችት አልቋል ማለት ነው፤ ከ15 እስከ 30 ያለውም ምላስ የሚያቃጥለው ሰው ላይ ችላ አይባልም። ኢንፌክሽን ወይም ሌላ ብግነት ካለ ግን ፌሪቲን ከእውነቱ በላይ ከፍ ይላል።

ሰው በብዛት የሚሳሳተው ሄሞግሎቢን ላይ ነው። «ደምህ ሙሉ ነው» ተብሎ የሚመለሰው ሰው ብረቱም ቢ 12ቱም ጎድሎ ሊሆን ይችላል፤ ምላስ ከደም ማነስ ቀድሞ ሊታመም ይችላልና። እንደ አዲስ አበባ ያለ ከፍታ ላይ ደግሞ ሄሞግሎቢን በተፈጥሮው ከፍ ስለሚል በባሕር ጠለል ላይ ደኅና የሚባለው ቁጥር እዚህ ዝቅተኛ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የደም ቆጠራ ብቻውን እጥረትን አያስቀርም።

ጾምን በተመለከተ ብዙ ክርክር አለ። ቢ 12 የሚገኘው ከሥጋ፣ ከጉበት፣ ከዓሣ፣ ከእንቁላልና ከወተት ነው፤ በሽሮና በምስር ውስጥ የለም። ይሁን እንጂ ጉበት ለዓመታት የሚበቃ ክምችት ስለሚይዝ አንድ ዐቢይ ጾም ጤነኛን ሰው እጥረት ላይ አይጥልም። ችግሩ የሚመጣው በዓመት ከ180 ቀን በላይ የሚጾም ሰው በፍስኩም ቀን ሥጋና ወተት እምብዛም ሳያገኝ ሲቀር፣ በዚያ ላይ ሜትፎርሚን፣ ኦሜፕራዞል ወይም የቆየ የጨጓራ ሕመም ሲደረብበት ነው። ጾሙን ማፍረስ አያስፈልግም፤ ቢ 12ን በኪኒን ወይም በመርፌ መተካት ይቻላል።

ደረጃ 6፦ የጎደለውን ይተኩ፤ የቀረውን አይንኩ

*ቢ 12 ከጎደለ።* ሐኪሙ አንድ ሺህ ማይክሮግራም መርፌ በተደጋጋሚ ለጥቂት ሳምንታት ሊያዝ ይችላል፤ ከዚያ እያራራቀ ይቀጥላል። በቀን ከአንድ ሺህ እስከ ሁለት ሺህ ማይክሮግራም ኪኒንም ለብዙ ሰው ይሠራል። የእግር መደንዘዝ ካለ መርፌው ይመረጣል። የሚወጉት ነገር ምን እንደሆነ ብልቃጡን ይጠይቁና ያንብቡ። ቢ 1፣ ቢ 6 እና ቢ 12ን ያቀላቀለውን መርፌ ወይም ኪኒን ለረጅም ጊዜ በራስ መውሰድ ችግር አለው፤ ቢ 6 በብዛት ሲከማች ራሱ ነርቭን ይጎዳል። መደንዘዝና ማቃጠል ሊያድን የተወሰደ ነገር መደንዘዝና ማቃጠል ሲያመጣ ማለት ነው።

ቢ 12 ሳይለካ ፎሊክ አሲድ ብቻውን አይጀምሩ። የደሙን ቁጥር ያስተካክልና ነርቩ ከሥር መጎዳቱን ይቀጥላል።

*ብረት ከጎደለ።* በቀን አንድ ኪኒን፣ ወይም ሆድ ካስቸገረ በየሁለት ቀኑ አንድ፣ በባዶ ሆድ በውኃ ይዋጣል። በሎሚ ጭማቂ ይወሰድ የሚለው ምክር የሚያቃጥል ምላስ ላላቸው አይሆንም፤ ውኃ ይበቃል። ቡናና ሻይ የብረትን መምጠጥ በእጅጉ ስለሚቀንሱ ከኪኒኑም ከምግቡም ሁለት ሰዓት ያህል ያርቋቸው። ጤፍ ብረት አለው መባሉ እውነት ነው፤ ግን ከብረቱ ብዙው ከአፈር የተቀላቀለ ስለሆነ ሰውነት ያን ያህል አይጠቀምበትም። የወር አበባ የማታይ ሴት ወይም ወንድ ላይ የብረት እጥረት ከተገኘ ደሙ የት እየፈሰሰ እንደሆነ መፈለግ ግድ ነው፤ ኪኒን ብቻ ተሰጥቶ አይታለፍም።

ሁለቱም ከጎደሉ አብረው ይታከማሉ። በእነዚያ ሳምንታት ግን አዲስ የጥርስ ሳሙና፣ አዲስ የግፊት መድኃኒት ወይም አዲስ መጉመጥመጫ አይጀምሩ። ምላስ በጥቂት ሳምንታት መሻሻል ሊጀምር ይችላል፤ ነርቭ ግን ቀርፋፋ ስለሆነ ለፍርድ ሦስት ወር ይጠብቁ።

አንድ ምሳሌ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ

መንገዱን ለማሳየት ያህል አንዲት የ58 ዓመት እናት እናስብ። አዲስ አበባ ይኖራሉ፤ ሁሉንም ጾም ይጾማሉ። ለስኳር ሜትፎርሚን ስድስት ዓመት፣ ለግፊት ኢናላፕሪል አራት ዓመት፣ ለእንቅልፍና ለእግር ሕመም ማታ ማታ 25 ሚሊ ግራም አሚትሪፕቲሊን አምስት ወር ወስደዋል። ምላሳቸው ማቃጠል ከጀመረ አራት ወሩ ነው።

ማስታወሻቸው ጠዋት 4፣ ማታ 7 ያሳያል። የጥርስ ሳሙና መቀየሩና በርበሬ መተዉ ማታውን ወደ 6 ብቻ አወረደው፤ ስለዚህ ዋናው መንስኤ እሱ አይደለም። በመድኃኒት ዝርዝሩ ላይ ኢናላፕሪል መጠኑ ሳይለወጥ አራት ዓመት ስለቆየ ወደ ኋላ ይመደባል፤ አሚትሪፕቲሊን ግን ማቃጠሉ ከመምጣቱ አንድ ወር ቀደም ብሎ የገባ ነው። ምራቃቸው በ5 ደቂቃ 0.4 ሚሊ ሊትር ወጣ፤ ድርቀቱ እውነተኛ ነው። ሄሞግሎቢን 13.1፣ ላቦራቶሪው ምልክት አላደረገበትም። ፌሪቲን 48። ቢ 12 ግን 170።

ሁለት መንስኤ ተገኘ። ሐኪሙ የሚጀምረው በቢ 12 ነው፤ ነርቭ ስለሚጎዳ አይቆይም፤ የእግር ሕመሙም ከዚሁ ሊሆን ይችላል። በስድስተኛው ሳምንት ማታው ከ6 ወደ 5 ወረደ። ከዚያ አሚትሪፕቲሊን ወደ 10 ሚሊ ግራም ተቀንሶ በመጨረሻ ቆመ፤ ምራቁ 1.3 ሚሊ ሊትር ደረሰ፤ ማታው 2 ሆነ። ሁለቱ አብረው ቢደረጉ ኖሮ ወደፊት እንቅልፍ ሲያጡ አሚትሪፕቲሊን ይመለስ ወይስ አይመለስ የሚለውን መመለስ አይቻልም ነበር። ሜትፎርሚኑ ይቀጥላል፤ ቢ 12 ግን በየዓመቱ ይለካል። የቀረችው 2፣ ምላስ ጫፍ ላይ፣ ወደ ቀጣዩ ደረጃ ትሄዳለች።

ደረጃ 7፦ ሁሉም ደኅና ከሆነ፣ ነርቭ ነው

ማቃጠሉ ከሦስት ወር በላይ፣ በየቀኑ ከሁለት ሰዓት በላይ ከቆየ፣ አፉ ጤናማ ከመሰለ፣ ደሙም ምራቁም መድኃኒቱም ከተጣራ የሚቀረው ስም የሚያቃጥል አፍ ሕመም ነው። የምላስን ስሜት የሚያስተላልፉ ቀጫጭን ነርቮች ሳይነኩ ይጮኻሉ። ከማረጥ በኋላ ያሉ ሴቶች ላይ ይበዛል። መራራ ወይም የብረት ጣዕም አብሮ ሊመጣ ይችላል። ካንሰር አይደለም፤ አይተላለፍም። «ሐሳብ ነው» ተብሎ መመለስም ትክክል አይደለም፤ ጭንቀትና እንቅልፍ ማጣት ግን ያከሩታል።

ከመድኃኒቶቹ የተሻለ ማስረጃ ካላቸው አንዱ ክሎናዜፓም ነው፤ የሚወሰደውም ለየት ባለ መንገድ ነው። ኪኒኑ አይዋጥም። ምላስ ላይ፣ ማቃጠሉ ባለበት ቦታ ለሦስት ደቂቃ ያህል በምራቅ ይሟሟል፤ ከዚያ ይተፋል። ጥቂቱ መዋጡ ስለማይቀር እንቅልፍ ሊያመጣ፣ ሲለመድም ጥገኛ ሊያደርግ ይችላል። ከአልኮል ጋር አይወሰድም፤ መኪና ለሚነዱና ለመውደቅ ለተጋለጡ አረጋውያን ጥንቃቄ ይሻል። በሐኪም ማዘዣ ብቻ የሚወሰድ ነው፤ ከጎረቤት አይዋስም።

ዝቅተኛ መጠን አሚትሪፕቲሊን የነርቭ ሕመምን ይቀንሳል፤ ምራቅን ግን ያደርቃል። ሐኪሙ ሊያዝልዎ ሲል የደረጃ 4 ቁጥርዎን ያሳዩት፤ ምራቅዎ ከወዲሁ ያነሰ ከሆነ ሌላ ይመርጣል። ከመድኃኒት ውጭ ቀዝቃዛ ውኃና ስኳር የሌለው ማስቲካ ለጊዜው ያሳርፋሉ፤ ሕመሙን የመቋቋሚያ የንግግር ሕክምናም የተፈተነ ጥቅም አለው። በኢንተርኔት የሚሸጠው አልፋ ሊፖይክ አሲድ ግን በአንዳንድ ጥናት ጠቅሞ በሌላው አልጠቀመምና ገንዘብዎን መጀመሪያ እዚያ ላይ አያውጡ።

የሚጠበቀው ግብ 7ቱን ወደ 3 ወይም 2 ማውረድ ነው፤ ሙሉ በሙሉ መጥፋቱ ለሁሉም አይሳካም።

መንገዱ ላይ ሲሰናከሉ

*ቢ 12 ተተክቶ፣ ቁጥሩ ተስተካክሎ፣ በሦስት ወር ምንም ካልተለወጠ፦* እጥረቱ ነበረ፤ የማቃጠሉ ብቸኛ መንስኤ ግን አልነበረም። ቢ 12ቱን ይቀጥሉ፤ ወደ ደረጃ 3 እና 4 ይመለሱ።

*የፈንገስ መድኃኒት ወስደው ለጊዜው ተሽሎዎት ከተመለሰ፦* ምንጩ አልተነካም። ተነቃይ ጥርሱን ማታ አውልቀው አጽድተው ያሳድሩት፤ የሚሳበውን የአስም መድኃኒት ከወሰዱ በኋላ ሁልጊዜ አፍዎን ይጉመጥመጡ፤ ስኳርዎን ያስለኩ።

*ሐኪሙ ምርመራ ሳያዝ ቫይታሚን ከጻፈልዎ፦* «መጀመሪያ ቢ 12 እና ፌሪቲን ልለካ እችላለሁ?» ብለው ይጠይቁ። ማዘዣውን ይያዙት፤ ደም በሰጡ በዚያው ቀን መጀመር ይችላሉ።

*ነርቭ ነው ከተባለ በኋላ፦* በየስድስት ወሩ የደረጃ 1ን ምርመራ በመስታወት ይድገሙ። ማቃጠሉ ወደ አንድ ጎን ከዞረ፣ ከደነዘዘ ወይም የሚታይ ነገር ካወጣ የድሮው ስም አይሠራም፤ እንደ አዲስ ይታይ።